ድርሰት ስናርም ምኑን እንንካ፣ ምኑን እንተው? አምስት የአስተያየት አሰጣጥ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር አንዱ ክፍሌ ውስጥ 58 ተማሪዎች ነበሩ። የአንድ ገጽ ድርሰት አጻፍኩ ማለት 58 ወረቀት ታቅፌ ቤት ገባሁ ማለት ነው። አንዱን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ፊደል በፊደል ሳርም 12 ደቂቃ ይፈጅብኛል። ሲባዛ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ቅዳሜና እሁዴ እዚያ ላይ ያልቃል።

ሰኞ ወረቀቱን ስመልስ ያየሁትን አልረሳውም። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ ወረቀቷን ተቀበለች። ከላይ ያለውን ነጥብ አየች። ወደ ጓደኛዋ ዞራ "ስንት አመጣሽ?" አለቻት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። አስር ሰከንድ አልሞላም። በቀይ ከጻፍኩት ውስጥ አንዱንም አላነበበችም። በሚቀጥለው ድርሰቷ ላይ ያንኑ ስህተት መልሳ አመጣችው።

ከዚያ በኋላ የተለያዩ መንገዶችን ሞከርኩ። የሥራ ባልደረቦቼም የየራሳቸው ዘዴ አላቸው። አንዱ ሁሉንም ያርማል፤ አንዷ ነጥብ ብቻ ትሰጣለች፤ ሌላው ምልክት አድርጎ ይመልሳል። ሁሉም "የኔው ይሻላል" ይላል። እዚህ አምስቱን መንገዶች አስቀምጬ በአንድ ሚዛን እመዝናቸዋለሁ። ምሳሌዬ የአማርኛ ድርሰት ነው፤ ምክንያቱም የማውቀው እሱን ነው።

መመዘኛዎቹ

መንገዶቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ። እኔ አራት ጥያቄ እጠይቃለሁ።

አንደኛው፦ ወረቀቱ ከተመለሰ በኋላ ተማሪው ምን ይሠራል? መምህሩ አርሞ ተማሪው የሚያየው ብቻ ከሆነ የተማረው መምህሩ ነው። ከአራቱ ትልቁ መመዘኛ ይህ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ቢሟሉና ይህ ቢጎድል ድካሙ ሜዳ ላይ ቀረ።

ሁለተኛው፦ አስተያየቱ የድርሰቱን ትልቁን ችግር ይነካል ወይስ ለዓይን የሚቀርበውን? የፊደል ግድፈት ቶሎ ይታያል። ሐሳቡ መሐል ላይ መቋረጡን ለማየት ግን ወረቀቱን ሁለቴ ማንበብ ይጠይቃል።

ሦስተኛው፦ ለሚቀጥለው ድርሰት ይተርፋል? "እዚህ ጋ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል" የሚል እርማት ለዚህች መስመር ብቻ ነው። "ባለቤቱ ብዙ ከሆነ ግሱም ይብዛ" የሚለው ግን ተማሪው ይዞት የሚሄደው ነገር ነው።

አራተኛው ጊዜ ነው። የመምህር በጀት ሰዓት ነው። 58 ወረቀት ላለው መምህርና ሦስት ልጆችን ቤት ለቤት ለሚያስጠና ሰው አንድ ዓይነት ምክር መስጠት አይቻልም።

አንደኛው መንገድ፦ ሁሉንም ማረም

የለመድነው ይህንን ነው። እኛም ተማሪ ሳለን እንዲህ ተደርጎልናል። ወላጅም ደብተር ሲከፍት ቀይ ቀለም ካላየ "መምህሩ አላረመም" ይላል። ይህ ጫና ቀላል አይደለም።

ጥቅም የለውም ማለት አልችልም። ጽሑፉ ለሕዝብ የሚወጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለትምህርት ቤቱ መጽሔት፣ ለማመልከቻ ወይም ለውድድር ከሆነ፣ ሁሉም መታረም አለበት። እዚያ ላይ ዓላማው ጽሑፉን ማዳን ነው። ክፍል ውስጥ ግን ዓላማችን ጸሐፊውን ማሳደግ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ፤ ብዙ ጊዜ የምንሳሳተውም ሁለቱን ስናምታታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ጆን ትረስኮት የተባለ ምሁር በሁለተኛ ቋንቋቸው በሚጽፉ ተማሪዎች ድርሰት ላይ ሰዋስው ማረም አይጠቅምም፣ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላልና ይቅር ብሎ ጻፈ። ዳና ፌሪስ የተባለች ተመራማሪ በ1999 መልስ ሰጠችው። እርማቱ ከተመረጠና ግልጽ ከሆነ ይጠቅማል፤ ቶሎ መደምደም አያስፈልግም አለች። ክርክሩ ለዓመታት ቀጥሏል። ለእኔ ከክርክሩ የተረፈኝ አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱም ወገኖች ያለ ምርጫ ሁሉንም በቀይ መሙላትን አልደገፉም።

ይህ መንገድ የሚበላሸው ምኑ ላይ እንደሆነ በቀላሉ ይታወቃል። አንድ ወረቀት ላይ 20 ምልክት ሲኖር ሁሉም እኩል ይመስላል። የጎደለ ነጠላ ሰረዝና የፈረሰ ሐሳብ አንድ ዓይነት ቀይ ቀለም ነው ያላቸው። ተማሪው የትኛው እንደሚብስ በምን ይወቅ? ጎበዙ ተማሪ ሁሉንም ይገለብጣል። ደካማው "እኔ መጻፍ አልችልም" ብሎ በሚቀጥለው ጊዜ አጭር ድርሰት ይዞ ይመጣል። አጭር ሲጽፍ ስህተቱ ይቀንሳል። ነጥቡም ከፍ ይላል። ግን ያደገ ነገር የለም። ስህተቱ የቀነሰ ልጅ ካያችሁ መጀመሪያ የድርሰቱን ርዝመት ካለፈው ጋር አስተያዩ።

ሁለተኛው መንገድ፦ ህዳጉ ላይ ነጥብ ብቻ

ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው ሪቻርድ ሀስዌል የተባለ የኮሌጅ መምህር ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ስህተት ባለበት መስመር ጎን ህዳጉ ላይ አንድ ምልክት ታደርጋለህ። ስህተቱን አታሰምርበትም፣ ስሙንም አትጽፍም። አንድ መስመር ላይ ሁለት ስህተት ካለ ሁለት ምልክት ታደርጋለህ። ተማሪው ፈልጎ ያርማል፤ የድርሰቱ ውጤትም የሚመዘገበው ከዚያ በኋላ ነው። ሀስዌል ተማሪዎቹ ከእንዲህ ዓይነት የላይ ላይ ስህተቶቻቸው 60 በመቶ ያህሉን በራሳቸው ፈልገው እንዳረሙ ጽፏል።

ይህ ቁጥር ትልቅ ነገር ይነግረናል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስህተት ያለማወቅ ሳይሆን ያለማየት ነው። ልጁ ያውቀዋል፤ በችኮላ አልፎታል። የሚያውቀውን ነገር እኔ ሳርምለት 12 ደቂቃዬን አቃጠልኩ ማለት ነው።

በአማርኛ ስሞክረው አንድ ወረቀት ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ወሰደብኝ። "ሰዎቹ መጣ" ብሎ የጻፈ ልጅ ምልክቱን ሲያይ ወዲያው "ውይ፣ መጡ!" ይላል።

ገደብም አለው። ልጁ ፈልጎ ያጣው ስህተት ደንቡን የማያውቀው ስህተት ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ዙር ክፍል ውስጥ እየተዘዋወርኩ አያለሁ። ምልክቱ እያለ መስመሩ ሳይነካ ከቀረ፣ እሱን ማስተማር አለብኝ ማለት ነው። ሌላው ገደቡ ሐሳብን አለመንካቱ ነው። ህዳግ ላይ ያለ ነጥብ "ይህ አንቀጽ ማስረጃ የለውም" ሊል አይችልም።

ነጥቧን በአህጽሮት የሚተኩ መምህራንም አሉ። ለማሰሪያ አንቀጽ "ማ"፣ ለባለቤትና ግስ አለመስማማት "ስ" እያሉ ይጽፋሉ። ይህ ደንቡን ያልያዘውን ልጅ ይረዳዋል። ከአራት ምልክት በላይ ከሆነ ግን ልጁ ድርሰቱን ትቶ ምልክት ሲፈታ ይውላል።

ሦስተኛው መንገድ፦ የተመረጠ እርማት

እዚህ ላይ መምህሩ አንድ ወይም ሁለት የስህተት ዓይነት ይመርጣል። ለተማሪዎቹም አስቀድሞ ይነግራል፦ "በዚህ ድርሰት የማየው ማሰሪያ አንቀጽን ብቻ ነው።" ሌላውን ያልፈዋል። እውነት ለመናገር በጣም የከበደኝ ይህ ማለፍ ነው። እጄ ይበላኛል።

ምን ይመረጥ? ፌሪስ ስህተትን በሁለት ትከፍለዋለች። አንደኛው ደንብ ያለው ነው። ተማሪው ደንቡን ከተማረ ራሱ ሊያርመው ይችላል። ሁለተኛው ደንብ የሌለው ነው፤ የቃል ምርጫና የአነጋገር ዘይቤ እዚህ ይገባሉ። ይህ ክፍፍል አማርኛ ላይም ይሠራል። የባለቤትና የግስ መስማማት ደንብ አለው። ተሳቢ ላይ የሚገባው "ን" ደንብ አለው። ዓረፍተ ነገርን በማሰሪያ አንቀጽ መዝጋት ደንብ አለው። "ዝናብ ወደቀ" ብሎ ለጻፈ ልጅ ግን "ዝናብ ዘነበ" ነው የሚባለው ከማለት ሌላ የሚሰጥ ደንብ የለም። እሱን ምልክት አድርጎ "ፈልገው" ማለት ልጁን ማንከራተት ነው። ትክክለኛውን ጻፉለትና እለፉ።

በአማርኛ ከሁሉ በፊት የምመርጠው ማሰሪያ አንቀጽን ነው። ምክንያቱ ቋንቋችን ራሱ ነው። ቦዝ አንቀጽ፣ ማለትም "ሄዶ፣ በልታ፣ ይዤ" የሚለው የግስ ዓይነት፣ ሐሳብን በሐሳብ ላይ እየቀጠለ ረጅም መንገድ ይወስዳል። ስናወራ ያምርብናል። ወረቀት ላይ ግን ልጁ አምስት ቦዝ ደርድሮ የሚዘጋውን ግስ ይረሳዋል። መሐል ላይ ባለቤቱ ከእናት ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እህት ይቀየራል። አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋበታል። ትርጉም የሚያጠፋ ስህተት ይህ ነው።

በመጨረሻ የምመርጠው ደግሞ ሞክሼ ፊደላትን ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ስንት ሰዓት እዚህ ላይ እንደሚጠፋ የአማርኛ መምህር ያውቀዋል። "መንግሥት" በንጉሡ ሠ እንጂ በእሳቱ ሰ አይጻፍም፤ እውነት ነው። "መፍትሔ"ም በሐመሩ ሐ ነው። ግን ልጁ በየቀኑ የሚያነበው ጽሑፍ ራሱ ወጥ አይደለም። አንዱ ጋዜጣ "መንግሥት" ሲል ሌላው "መንግስት" ይላል። ድምፁም አንድ ነው፣ አንባቢም አይደናገርም። ግእዙ ላይ "ሠረቀ" ወጣ፣ "ሰረቀ" ደግሞ ሰረቀ ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ያንን በቃላት ትምህርት ሰዓት አስተምራለሁ። ድርሰት እርማት ላይ ግን ቅድሚያ አልሰጠውም። ይህን ስል የሚከፉብኝ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁም። የምጠይቃቸው ግን ይህንን ነው፦ ልጁ ሠ-ንና ሰ-ን አስተካክሎ የጻፈው ዓረፍተ ነገር የማይዘጋ ከሆነ ምን አተረፍን?

አራተኛው መንገድ፦ የሐሳብ አስተያየት

ይህ ከወረቀቱ ግርጌ ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። ስለ ፊደል ሳይሆን ስለ ተባለው ነገር። ዋናው ሐሳብ የቱ ነው? ማስረጃው አለ? አንቀጹ የተነሳበትን ነገር ጨረሰ?

በጣም ጠቃሚም በጣም የሚበላሽም መንገድ ነው። የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው አጠቃላይነት ነው። "ጥሩ ሙከራ ነው፤ ሐሳብህን አብራራ" የሚል አስተያየት 58ቱም ወረቀት ላይ ቢጻፍ ያስኬዳል። ለዚህ ነው የማይጠቅመው። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ አስተያየቱን ወደ ሌላ ልጅ ወረቀት አዛውሩት። እዚያም ከገጠመ አስተያየቱ ባዶ ነው፣ እንደገና ጻፉት።

ሁለተኛው ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የውጤት ነጥብ ነው። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት እስራኤል ውስጥ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን በሦስት ከፈለች። አንዱ ቡድን አስተያየት ብቻ፣ አንዱ ነጥብ ብቻ፣ አንዱ ሁለቱንም አገኘ። የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት ነጥብ ብቻ ካገኙት እምብዛም አልተሻሉም። ነጥቡ አስተያየቱን ዋጠው። የፊት ወንበሯ ተማሪዬ በአስር ሰከንድ ያሳየችኝም ይህንኑ ነው። በትለር ያጠናችው ድርሰትን አይደለም፤ ቢሆንም እኔ ክፍል ውስጥ ካየሁት ጋር ገጠመልኝ። ስለዚህ አሁን በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ነጥብ አልጽፍም። መዝገቤ ላይ በእርሳስ እይዛለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ግን አይወጣም።

ጊዜው ለአንድ ወረቀት 5 ደቂቃ ያህል ነው። አብዛኛው የሚሄደው በማንበብ ነው እንጂ በመጻፍ አይደለም።

አምስተኛው መንገድ፦ ለክፍሉ የጋራ አስተያየት

ወረቀቶቹን በሙሉ ታነባለህ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ምንም አትጽፍም። ጎንህ አንድ ባዶ ወረቀት ይኖራል። ተደጋግሞ የመጣውን እዚያ ላይ ትቆጥራለህ። 34 ልጆች ማሰሪያ አንቀጽ ከጎደላቸው ነገ ክፍል ውስጥ የምታስተምረው እሱን ነው። ስም ሳትጠራ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ትጽፍና አብራችሁ ታርማላችሁ። ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ወረቀት ተመልሶ ይፈልጋል።

ለአንድ ወረቀት ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ለ58 ልጅ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ጉዳቱ ደግሞ "እኔን አይመለከተኝም" የሚል ልጅ ሁልጊዜ መኖሩ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚመለከተው እሱን ነው። እንዲሁም ከሌሎቹ የተለየ ችግር ያለበት ልጅ ይረሳል። ሰሌዳ ላይ የሚወጣውን ዓረፍተ ነገር ጸሐፊው እንዳይታወቅ አድርጉ። እኔ አንዴ ሳልለውጠው ቀርቼ ክፍሉ በሙሉ ወደ አንድ ልጅ ዞሮ አየ። ያ ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን አላወጣም።

ጠቅለል ያለ ሰንጠረዥ

| መንገድ | ጊዜ ለአንድ ወረቀት | ተማሪው የሚሠራው | የሚነካው ችግር | የሚበላሸው |
|---|---|---|---|---|
| ሁሉንም ማረም | 12 ደቂቃ ገደማ | ያያል፣ ቢበዛ ይገለብጣል | ሁሉንም፣ ግን እኩል አድርጎ | ተማሪው አጭር መጻፍ ሲጀምር |
| ህዳግ ላይ ነጥብ | 3–4 ደቂቃ | ፈልጎ ያርማል | በችኮላ የመጣ ስህተት | ደንቡን የማያውቅ ልጅ ብቻውን ሲቀር |
| የተመረጠ እርማት | 4–5 ደቂቃ | አንድ ደንብ ይለማመዳል | ደንብ ያለው ስህተት | ምርጫው አስቀድሞ ካልተነገረ |
| የሐሳብ አስተያየት | 5 ደቂቃ | አንቀጽ መልሶ ይጽፋል | ሐሳብ፣ ማስረጃ፣ ቅደም ተከተል | አስተያየቱ ለሁሉም የሚገጥም ሲሆን |
| የጋራ አስተያየት | 2 ደቂቃ | ከክፍል በኋላ ራሱን ያርማል | ብዙዎቹ የሚጋሩት ስህተት | የተለየ ችግር ያለበት ልጅ ሲረሳ |

ደቂቃዎቹ በእኔ ሰዓት የተለኩ ናቸው፤ የአንድ ገጽ ድርሰት ላይ።

አንድ አንቀጽ ከነእርማቱ

አሁን አንድ አንቀጽ ይዘን እንየው። ርዕሱ "በሰፈሬ ያለ አንድ ችግር" ነው። የተለያዩ ተማሪዎቼ ከሚጽፉት አዋህጄ ያዘጋጀሁት ነው።

> የሰፈራችን ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው እናቴ ለሊት ተነስታ ወረፋ ይዛ እኔም ጀሪካን ተሸክሜ እህቴ ትምህርት ቤት አርፍዳ መምህሩ ተቆጥቷት ውሃ በጣም አስፈላጊ ነው። ስለዚህ መንግስት መፍትሄ ሊሰጥበት ይገባል። ሰዎች ንፁህ ውሃ ያስፈልገዋል። ውሃ ሕይወት ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራል።

ሁሉንም እናርም ካልን 11 ምልክት አወጣሁበት። "የሚመጣው" ላይ አራት ነጥብ የለም። ሦስት ቦታ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል። "ለሊት" ሌሊት መሆን አለበት። "መንግስት"፣ "መፍትሄ" እና "ንፁህ" የሞክሼ ፊደል ጉዳይ ናቸው። "ያስፈልገዋል" እና "ይቀራል" ከባለቤታቸው ጋር አይስማሙም። የቦዙም ሰንሰለት ማሰሪያ የለውም።

ልብ በሉ። ከ11ዱ አንዱም የአንቀጹን ዋና ችግር አልነካም። ይህች ልጅ በጣም ጥሩ ነገር ይዛ ነበር። እናት ሌሊት ትነሳለች፣ እህት ታረፍዳለች፣ መምህር ይቆጣታል። ይህ የውሃ ችግር ትምህርት ላይ ሲደርስ የሚታይበት ነው። ግን መሐል ላይ ለቀቀችውና "ውሃ በጣም አስፈላጊ ነው"፣ "ውሃ ሕይወት ነው" ወደሚለው ሁሉም ወደሚያውቀው ነገር ሄደች። ከእህቷ ይልቅ መፈክሩን አመነች።

የትኛውን እንምረጥ? እኔ በቅደም ተከተል እጠይቃለሁ። መጀመሪያ፣ ሐሳቡን የሚጥለው ነገር ምንድን ነው? የእህቷ ታሪክ መቋረጡ። ቀጥሎ፣ አንባቢውን የሚያደናግረው የሰዋስው ስህተት የቱ ነው? ያልተዘጋው ሰንሰለት። ቀጥሎ፣ የተደጋገመና ደንብ ያለው ምንድን ነው? የባለቤትና ግስ መስማማት፤ ሁለት ጊዜ መጥቷል። እዚህ ላይ አቆማለሁ። ሦስት በቂ ነው። "ለሊት" ትንሽ ታሳስበኛለች፤ እሷን ግን ለጋራው አስተያየት እይዛታለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ልጆች ይጽፏታል። ሞክሼዎቹን አልነካቸውም።

ወረቀቱ ግርጌ የምጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

> እህትሽ ማርፈዷ የድርሰትሽ ትልቁ ማስረጃ ነው፤ ቶሎ ተውሽው። በሳምንት ስንት ቀን ታረፍዳለች? ምን ትምህርት ያመልጣታል? ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሪበት።
>
> የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው። ባለቤቱ በተቀየረ ቁጥር ግሱን ዝጊና አራት ነጥብ አድርጊ።

ባለቤትና ግስ ያልተስማሙባቸው ሁለት መስመሮች ጎን ደግሞ አንድ አንድ ነጥብ አደርጋለሁ። ምንም አልጽፍም። ጠቅላላ ጊዜው 5 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው።

ሁለተኛው ረቂቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ይመጣል፦

> የሰፈራችን ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። እናቴ ለሊት ተነስታ ወረፋ ትይዛለች። እኔ ጀሪካን እሸከማለሁ። እህቴ ትንሹን ወንድማችንን ስትጠብቅ ትምህርት ቤት ታረፍዳለች። ማክሰኞና ዓርብ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው። ሁለቱም ቀን ያመልጣታል። ስለዚህ መንግስት ቢያንስ ውሃው የሚመጣበትን ሰዓት ሊቀይርልን ይገባል።

"ለሊት" አሁንም አለች። "መንግስት"ም እንደነበረ ነው። ግን ጥያቄው ተለወጠ። መጀመሪያ "መፍትሔ ይሰጥ" ነበር፤ አሁን "ሰዓቱ ይቀየር" ሆነ። ማስረጃው ሲገባ መደምደሚያውም ተስተካከለ። "ውሃ ሕይወት ነው" የሚለውን አውጪው አላልኳትም፤ ቦታ ሲያጣ ራሱ ወጣ። የሐሳብ አስተያየትን የማስቀድመው ለዚህ ነው። የላዩን ሰዋስው መጀመሪያ ብናርም ኖሮ ልጅቷ ኋላ የሚወጡ ዓረፍተ ነገሮችን ስታስተካክል ትውል ነበር።

ለማን የቱ ይሻላል?

ክፍልህ ከ50 በላይ ከሆነ ሁለቱን አዋህድ። ለመጀመሪያው ረቂቅ የጋራ አስተያየት ስጥ። ከክፍሉ አንድ አራተኛ ለሚሆኑት ደግሞ የሐሳብ አስተያየት ጻፍ። በአራት ድርሰት ሁሉም ይዳረሳል። ለ15 ልጅ 75 ደቂቃ፣ ለቀሪዎቹ 43 በሁለት ሁለት ደቂቃ 86 ደቂቃ ነው። በጠቅላላ ከሦስት ሰዓት በታች። ዛሬ ተራው የማን እንደሆነ ለልጆቹ ንገራቸው፣ አለበለዚያ ያልተጻፈለት ልጅ የተረሳ ይመስለዋል።

ቤት ለቤት የምታስጠና ወይም ከአምስት ያነሰ ተማሪ ያለህ ከሆነ ህዳግ ላይ ነጥብ አድርግና ልጁ አጠገብህ ተቀምጦ ይፈልግ። ዝም ብለህ እየው። የት እንደሚቆም ታያለህ። ያ ከማንኛውም ጽሑፍ በላይ ይነግርሃል።

ውጭ አገር ሆነው ቅዳሜ ወይም እሁድ አማርኛ የሚማሩ ልጆችን የምታስተምሩ ደግሞ የተለየ ነገር ያጋጥማችኋል። እነዚህ ልጆች ቤት ውስጥ አማርኛ ይሰማሉ፤ የሚያስቡት ግን ብዙ ጊዜ በሌላ ቋንቋ ነው። ስህተታቸው ከማሰሪያ አንቀጽ ይልቅ በቃል ምርጫና በጾታ መስማማት ላይ ይበዛል። የቃል ምርጫው ደንብ የለውምና ነጥብ አድርጋችሁ አታስፈልጓቸው፤ ቃሉን ስጧቸው። የጾታውን ግን መርጣችሁ በአንድ ጊዜ እሱን ብቻ ያዙ። ሦስት መስመር የጻፈ ልጅ ላይ ስምንት ምልክት ካደረጋችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ላይመጣ ይችላል።

ወላጅ ቀይ ቀለም የሚጠብቅ ከሆነ በሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ገጽ ደብዳቤ ላኩ። "በዚህ ወር የማርመው ይህንና ይህንን ነው፤ ሌላውን ያለፍኩት ሳላየው ቀርቼ አይደለም" በሉ። እኔ ይህን ከላክሁ በኋላ የሚመጣብኝ ቅሬታ በጣም ቀነሰ። አንድ አባት እንዲያውም ደብተሩን ይዘው መጥተው "መምህር፣ ይቺኛዋን ነው አይደል የምትፈልገው?" ብለው ልጃቸው ያልዘጋውን ዓረፍተ ነገር አሳዩኝ።

ምንም መንገድ ብትመርጡ ለሁለተኛው ረቂቅ ክፍል ውስጥ ጊዜ መድቡ። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ለማንበብ፣ የቀሩት መልሶ ለመጻፍ። ቤት ይጻፍ ከተባለ ግማሹ አይመለስም። ነጥቡ የሚጻፈውም ይህ ረቂቅ ከተመለሰ በኋላ ነው።

እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ሁለተኛውን ረቂቅ አትዩ፤ ሦስተኛውን ድርሰት እዩ። ሁለተኛው ረቂቅ የሚያሳየው ልጁ የታዘዘውን ማድረጉን ብቻ ነው። ከወር በኋላ በሌላ ርዕስ ሲጽፍ ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ከዘጋው ይዞታል። ካልዘጋው፣ ምልክት ከመጨመራችሁ በፊት ያንን ደንብ ሰሌዳ ላይ እንደ አዲስ አስተምሩት።